ጥቆማ፦ ጠርሙስ ለሚያመልጠው ቆጣሪ ሌላ ፒኤልሲ ልግዛ?

የቡሬው ቴክኒሻን፦ ሰላም ለዚህ ቤት። የታሸገ ውሃ መስመር ላይ ነው የምሠራው። ፒኤልሲያችን ሲመንስ ኤስ7-1200 ነው። ሴንሰሩ በጠርሙሶች መሃል ያለውን 8 ሚሊ ሜትር ክፍተት እያየ ይቆጥራል። መስመሩ ቀስ ሲል ቆጠራው ልክ ነው። በሰከንድ 1 ሜትር ሲሄድ ግን ሁለት ጠርሙስ እንደ አንድ ይቆጠራል። አንድ ነጋዴ «ትልቁን ሞዴል ግዛ» አለኝ። ምን ትጠቁሙኛላችሁ?

ደብረ ማርቆስ ጥገና፦ ሴንሰሩን ቀይረው። ፈጣን ሴንሰር ባሕር ዳር ታገኛለህ።

የቡሬው ቴክኒሻን፦ በኦሲሎስኮፕ አይቼዋለሁ ወንድሜ። ምልክቱ ፒኤልሲው በር ላይ ይደርሳል።

የዳንግላው ኤሌክትሪሻን፦ ያው ስካን ነው። ግብአቱን በ`%I0.0:P` አንብበው፤ ወዲያው ያነብልሃል።

ባሕር ዳር አውቶሜሽን፦ ስካን መሆኑ ልክ ነው፤ መፍትሔው ግን አይበቃም። በ1 ሜትር ፍጥነት 8 ሚሊ ሜትር ማለት 8 ሚሊ ሰከንድ ነው። ፒኤልሲው በየዙሩ መጀመሪያ ግብአቶቹን አንድ ጊዜ ያያል። ከዚያ ፕሮግራሙን ይሠራል እንጂ ተመልሶ አያይም። ዙሩ 15 ሚሊ ሰከንድ ከፈጀ፣ ክፍተቱ በሁለት እይታ መሃል መጥቶ ሊያልፍ ይችላል። `:P` ትእዛዙ በደረሰበት ቅጽበት ያነባል፤ እሱም በዙር አንዴ ነው። ኦንላይን ገብተህ ረጅሙን የዙር ጊዜ እይ፤ አጭሩ አያታልልህ።

የቡሬው ቴክኒሻን፦ አየሁ። አጭሩ 5፣ ረጅሙ 16 ነው።

ባሕር ዳር አውቶሜሽን፦ በቃ፣ እሱ ነው። ቀስ ሲል፣ ለምሳሌ በ0.4 ሜትር፣ ክፍተቱ 20 ሚሊ ሰከንድ ስለሚቆይ አያመልጥም። ስለዚህ አዲስ አትግዛ። ያንተው ሲፒዩ ፈጣን ቆጣሪ አለው፤ በሃርድዌር ስለሚቆጥር ስካን አይጠብቅም። ሲከፍቱት ብዙዎች የሚረሱት ግን የግብአቱን ማጣሪያ ነው። ፋብሪካው 6.4 ሚሊ ሰከንድ ላይ አድርጎት ይመጣል። 8 ሚሊ ሰከንድ ለጊዜው ያልፈዋል፤ ፍጥነት ብትጨምር ግን ቆጣሪው ራሱ ያመልጠዋል። ወደ 0.8 አውርደው። በጣም ካወረድከው ደግሞ ከሞተር ገመድ የሚመጣ ረብሻ ይቆጠርብሃል።

የፍኖተ ሰላም ወፍጮ፦ እኔ ዴልታ ዲቪፒ ነው ያለኝ። ከረጢት ገፊው ሲሊንደር አንዴ ቀድሞ አንዴ ዘግይቶ ይመታል። ዴልታ መጥፎ ነው ማለት ነው?

ባሕር ዳር አውቶሜሽን፦ አይደለም፤ ላንተ ሥራ ርካሽ እና በቂ ነው። ያንተ ጉዳይ የውጤት ነው። ፕሮግራሙ «ምታ» ቢልም ውጤቱ የሚወጣው ዙሩ ሲያልቅ ነው። ሬሌ ከሆነ እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ ይጨምራል። አዲስ የምትገዛ ከሆነ ትራንዚስተር ውጤት ያለውን ጠይቅ። የዴልታ የግብአት ማጣሪያም በ`D1020` ይስተካከላል።

የዳንግላው ኤሌክትሪሻን፦ ሲሊንደሩ የአየር ግፊት ካነሰው ግን ትራንዚስተርም አያድነውም፣ እኛ ጋ እንደዚያ ነበር።

የፍኖተ ሰላም ወፍጮ፦ ግፊቱን ነገ አያለሁ። ትራንዚስተር ያለው ዴልታ ባሕር ዳር የትኛው ሱቅ ነው የሚገኘው?