ዴሞው ተወደደ፣ ገዢው ግን ጠፋ፦ ከማሳየቴ በፊት ምን ልጠይቅ?

ጀማሪ ሻጭ፦
ለድርጅቶች የስቶክ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር መሸጥ ከጀመርኩ 7 ወር ሆነኝ። ቀጠሮ አገኛለሁ፣ ላፕቶፔን ከፍቼ አሳያለሁ፣ «በጣም ቆንጆ ነው» ይሉኛል። ከዚያ በኋላ ስልክ አያነሱም። አለቃዬ «ችግራቸውን ሳታውቂ ነው የምታሳዪው» ትለኛለች። እኔ ግን እጠይቃለሁ። «ምን ችግር አለባችሁ?» ስል «ቆጠራ ይከብደናል» ይሉኛል፤ የቆጠራውን ገጽ አሳያቸዋለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ከአንድ የመለዋወጫ ዕቃ አከፋፋይ ጋር ቀጠሮ አለኝ። ምን ብዬ ልጀምር? መርማሪ ሳልመስልስ እንዴት ልጠይቅ?

ቅጽ አዘጋጅ፦
ቀላል ነው። 25 ጥያቄ ያለው ቅጽ አዘጋጂና ከቀጠሮው በፊት ላኪላቸው። ስንት መጋዘን አላችሁ፣ ስንት ዓይነት ዕቃ፣ አሁን በምን ትመዘግባላችሁ፣ በጀታችሁ ስንት ነው፣ የሚወስነው ማን ነው። ተሞልቶ ሲመጣ ችግሩን ታውቂዋለሽ። ካልሞሉት ደግሞ ገዢ አይደሉም ማለት ነው፤ ጊዜሽን አታባክኚ።

የአገልግሎት ክፍል፦
እኛም ቅጽ አለን። ከሸጥን ከአንድ ወር በኋላ እንልካለን። ምን ወደዳችሁ፣ ምን ይሻሻል፣ ለሌላ ሰው ትመክሩናላችሁ ወይ ብለን እንጠይቃለን። ብዙዎቹ ይመልሳሉ። አጭር ካደረግሽው ይሠራል።

የቆየ ሻጭ፦
የአገልግሎት ክፍል፣ ያንተ ከሽያጭ በኋላ ያለው ነው። እሷ የምትጠይቀው ገና ያልገዛ ሰው ፊት ምን ልበል ነው። ግን አንድ ነገር ካንተ ልዋስ፦ ነባር ደንበኞች «ይህን ባናገኝ ኖሮ» ብለው የሚጽፉት ካለ ለእህታችን ጥሩ ስንቅ ነው። ምን ምን ችግር እንደሚያጋጥም አስቀድማ ታውቅበታለች።

ቅጽ አዘጋጅ ደግሞ ግማሽ መንገድ ሄዷል። የመጋዘን ብዛት፣ የተጠቃሚ ብዛት፣ አሁን ያለው ሲስተም በቅጽ ይጠየቅ። እነዚህን ፊት ለፊት ተቀምጦ መጠየቅ የገዢውን ጊዜ መብላት ነው። ችግር ግን በቅጽ አይመጣም። ቅጽ የሚሞላው ሰው የሚጽፈው አስቀድሞ ስም ያወጣለትን ነገር ነው። «ቆጠራ ይከብደናል» ስም የወጣለት ነገር ነው። ከሥሩ ያለው ገና ስም የለውም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። እኔም አንድ አከፋፋይ ጋ ልክ ይህንኑ መልስ ሰምቻለሁ። የሥራ ኃላፊው «ቆጠራ በየወሩ 3 ቀን ይፈጅብናል፣ ስካነር ያለው ሲስተም እንፈልጋለን» አለኝ። ላፕቶፑን ከቦርሳዬ አላወጣሁም። ይህን ብቻ ጠየቅኩ፦ «የመዝገቡ ቁጥርና መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ መጨረሻ ያልተገናኘበትን ቀን ይንገሩኝ፤ ያን ቀን ምን ሆነ?»

ትንሽ አሰበና «ባለፈው ሐሙስ» አለ። አንድ ደንበኛ ዕቃ አዟል። መዝገቡ 12 ማጣሪያ አለ ይላል፤ ዕቃ አውጪው ሄዶ 4 ብቻ አገኘ። እኔ «ከዚያስ?» እላለሁ፣ እሱ ይቀጥላል። ዕቃ አውጪው ለሽያጭ ሠራተኛው ደወለ፣ ሽያጩ ለደንበኛው ደወለ፣ ደንበኛው «ያለውን ላኩልኝ» አለ። «ከዚያስ?» ሂሳብ ክፍል ግን ይህን ስላልሰማ ኢንቮይሱን በ12 ቆረጠ። «ከዚያስ?» ደንበኛው «ኢንቮይሱ ካልተስተካከለ አልከፍልም» አለ። እስኪስተካከል ብዙ ጊዜ 3 ሳምንት ይወስዳል።

እዚህ ላይ ቆጠራ የሚባለው ነገር ከጨዋታው ወጣ።

ከዚያ «ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል?» ብዬ አልጠየቅኩም። እንዲህ ብትጠይቂ የምታገኚው «አዎ፣ በጣም» ነው፤ «በጣም» ደግሞ አይቆጠርም። «ባለፈው ሳምንት ብቻ ስንት ነበር?» አልኩት። ደብተሩን ስቦ ገለጠ። ከ60 ትእዛዝ 9። በሳምንት 9፣ እያንዳንዱ 3 ሳምንት ይቆያል። ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋሁለትና ራሱ አባዛው። በማንኛውም ቀን 27 ያልተከፈለ ኢንቮይስ ተንጠልጥሎ አለ ማለት ነው። ቁጥሩን እኔ ብናገረው ይከራከረኝ ነበር። እሱ ስላወጣው ግን ስልኩን አንስቶ የሂሳብ ክፍል ኃላፊዋን ጠራት።

ምክንያቱንም ያገኘሁት ያኔ ነው። «ዕቃ ከመጋዘን ሳይመዘገብ የሚወጣበት መንገድ አለ?» ስል ሁለቱም ተያዩ። የሽያጭ ሠራተኞች ለአስቸኳይ ደንበኛ ዕቃ በእጃቸው ይወስዱና ማታ ያስመዘግባሉ። አንዳንዴ ይረሳሉ። ስካነሩን ሸጬለት ቢሆን ኖሮ ቆጠራው ከ3 ቀን ወደ 1 ቀን ይወርድ ነበር፤ ጉድለቱም ቶሎ ይታይ ነበር። ግን አይቆምም ነበር። ከዓመት በኋላ «የእናንተ ሲስተም አልጠቀመንም» የሚለኝ ያው ሰው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በዪ። «ለምን?» የሚለውን ቃል ቀንሺ። «ለምን ሳይመዘገብ ይወጣል?» ሲባል ሰው የተወቀሰ ይመስለዋል፤ ራሱን መከላከል ይጀምራል። «ይህ አሠራር እንዴት ተጀመረ?» ስትዪው ግን ታሪኩን ይነግርሻል።

ከግዥ ክፍል፦
እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ያለሁ ሰው ነኝ። ለድርጅታችን ግዥ መሥራት ከጀመርኩ 8 ዓመት ሆነኝ። «ችግራችሁ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጀምር ሻጭ ሲመጣ ዝም ማለት ነው የሚቀናኝ። ለማላውቀው ሰው የቤቴን ገመና ምን ብዬ ልዘርዝር? በዚያ ላይ የምናገረው ነገር ዋጋ መጨመሪያ ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ።

አንዷ ግን አስከፈተችኝ። «እንደናንተ ያሉ አከፋፋዮች ጋ ስንሄድ በብዛት ከሁለቱ አንዱን እናያለን። ወይ ዕቃው አለ ተብሎ ሲፈለግ ይጠፋል፣ ወይ የለም ተብሎ እንደገና ይገዛል። እናንተ ጋ የትኛው ይበዛል? ወይስ ሌላ ነው?» አለችኝ። ሁለቱም አልነበረም። ግን ለማረም ስል ሳላስበው እውነተኛውን ነገርኳት። ሥራውን እንደምታውቅም ገባኝ።

ሌላም ነገር አለ። አለቃዬ ባለበት ስብሰባ መጋዘን ላይ የሚሆነውን አልናገርም። የመጋዘን ኃላፊውም አይናገርም። ጉድለት ማለት የአንድ ሰው ጥፋት ነውና። ከስብሰባው በኋላ «መጋዘኑን ማየት እችላለሁ?» በይ። ዕቃ አውጪው እየሄደ የሚያወራሽ ነገር በስብሰባ ጠረጴዛ ላይ በፍጹም አይመጣም።

ደግሞ ጨረታ ከወጣና ዝርዝር መስፈርቱ ከተጻፈ ይህ ሁሉ አይሠራም። እኛ ጋ ያኔ ጥያቄ በጽሑፍ ነው፤ መልሱም ለሁሉም ተወዳዳሪ ይላካል። መጠየቅ ያለብሽ ከዚያ በፊት ነው።

ቅጽ አዘጋጅ፦
እሺ፣ የቅጹን ነገር ተቀበልኩ። ግን በጀት ሳይጠየቅ አንድ ሰዓት ሙሉ ታሪክ መስማት አይከብድም? መጨረሻ ላይ ገንዘብ የለንም ቢሉስ?

የቆየ ሻጭ፦
ይከብዳል፣ ደርሶብኛልም። ግን በመጀመሪያው አሥር ደቂቃ በጀት ስትጠይቅ የሚነገርህ ቁጥር ለስካነሩ የታሰበው ነው። የ27ቱ ኢንቮይስ ነገር ከወጣ በኋላ ያው ሰው ሌላ ቁጥር ያስባል። እኔ ቀድሜ የምጠይቀው «ለምን አሁን?» የሚለውን ነው። እርግጥ «ለምን» ቀንሱ ብያለሁ፤ ስለዚህ «ይህን ነገር አሁን እንድታዩት ያደረጋችሁ ምንድን ነው?» እላለሁ። «ዝም ብለን ገበያውን እያየን ነው» ካሉኝ ሻዬን ጠጥቼ እወጣለሁ። ኦዲት አለብን፣ ሁለተኛ መጋዘን ልንከፍት ነው፣ ትልቁ ደንበኛችን ሊሄድ ነው ካሉ ገንዘቡ ይገኛል።

ጀማሪ ሻጭ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ቁጭ ከማለቴ «አሳዪን» ቢሉኝስ?

ከግዥ ክፍል፦
አታሳዪ። «የማይመለከታችሁን እያሳየሁ ጊዜያችሁን እንዳልወስድ አንድ ሁለት ነገር ልጠይቅ» በይ። እኔ ብሆን አከብርሻለሁ።

የቆየ ሻጭ፦
በዚህ አልስማማም። ኃላፊው ሰው ሰብስቦ ከጠበቀሽ እምቢ ማለት ያስቀይማል። አንድ ገጽ፣ አምስት ደቂቃ አሳዪና ዝጊው። «ይህን ሐሙስ ዕለት ብታገኙት ኖሮ ምን ይቀየር ነበር?» ብለሽ ወደ ጥያቄው ተመለሺ።

ከግዥ ክፍል፦
አንድ ገጽ ካየን በኋላ ስለ ቀለሙና ስለ ፊደሉ ነው የምናወራው። እኔ ይህን ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ልዩነታችን ይቆይ።

ጀማሪ ሻጭ (ከ9 ቀን በኋላ)፦
ሄድኩ። «አሳዪን» አላሉኝም፣ ተመስገን። የመጨረሻውን ቀን እንዲነግሩኝ ጠየቅኩ። ኃላፊው መጀመሪያ «ሁልጊዜ ነው» አለኝ። ዝም አልኩ። ዝምታው ረዘመብኝ፤ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ እሱ ራሱ «ማክሰኞ ለምሳሌ» ብሎ ጀመረ።

ችግሩ የቆየ ሻጭ ያጋጠመው ዓይነት አይደለም። አንዱ ዕቃ በሦስት ስም ተመዝግቧል። አምራቹ በሚሰጠው ቁጥር፣ መጋዘኑ በሚጠራው ስም፣ ሽያጩ በሚጽፈው ስም። ስለዚህ ዕቃው መደርደሪያው ላይ እያለ «የለም» ይባልና እንደገና ይታዘዛል። መጋዘኑን ሳይ አንድ ዓይነት ሣጥን ሦስት ቦታ ተቀምጦ አየሁ። ባለፈው ወር ስንት ጊዜ እንዲህ እንደታዘዘ ሊያወጣልኝ ቃል ገብቷል።

የጨነቀኝ ግን ይህ ነው። የሂሳብ ክፍል ኃላፊውን ላግኝ ስል «እሱን ተዪው፣ እኔ እነግረዋለሁ» አለኝ።

የቆየ ሻጭ፦
ጎበዝ፣ ትልቁን ሠርተሻል። ስለ ስሞቹ ግን ልንገርሽ፤ ሶፍትዌሩ ይህን ብቻውን አይፈታም። ስሞቹን ቁጭ ብሎ አንድ የሚያደርግ ሰው ያስፈልጋል፤ ሳይደርሱበት ቀድመሽ ንገሪያቸው።

የሂሳብ ኃላፊውን በኃይል አትፈልጊው፤ ሰውዬው «አንተን አልፌ ወደ በላይህ ልሄድ ነው» እንዳልሽው ይቆጥረዋል። ቁጥሩን ሲያመጣልሽ ይህን ጠይቂው፦ «ይህን ለሂሳብ ክፍል ሲያቀርቡ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ ምን ይመስልዎታል?» ካወቀው አብራችሁ መልሱን ታዘጋጃላችሁ። ካላወቀው «እንጠይቀው» የሚለው እሱ ራሱ ነው።