በጀቱን ለቦርድ በአንድ ገጽ አቅርቢ ተብያለሁ፤ ምኑ ከፊት ይውጣ፣ ምኑ አባሪ ይሁን?

ሒሳብ ሹሟ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው በአንድ አገር በቀል ድርጅት ውስጥ ነው። ትምህርት ቤቶች ውስጥ ውሃና መጸዳጃ እናስገነባለን። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ቦርዱ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ይሰበሰባል። ሰባት አባላት አሉት፤ ከሒሳብ ሙያ የመጡት ሁለት ብቻ ናቸው። አምና ኤክሴሉ እንዳለ ታትሞ ነበር የተሰጣቸው፣ 140 መስመር። ጊዜው በነዳጅና በጽሕፈት መሣሪያ ጭቅጭቅ አለቀና ትልልቁን ነገር ማንም ሳያነሳው ጸደቀ። ዘንድሮ ሰብሳቢው "አንድ ገጽ ብቻ" ብለዋል። ዳይሬክተራችን ደግሞ "ያላሳየናቸው ነገር ካለ ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ" እያለ ሁሉም እንዲገባ ይፈልጋል። ጠቅላላ ገቢያችን 22 ሚሊዮን፣ ወጪያችን 21.8 ሚሊዮን ብር ነው። ከፊት ምን ላስቀምጥ?

ዳታ ወዳድ

አንድ ገጽ ከተባለ ሠንጠረዡን ተይውና ክብ ግራፍ ሥሪ። ደመወዝ ይህን ያህል በመቶ፣ ግንባታ ይህን ያህል፣ ትራንስፖርት ይህን ያህል። ሰው ቁጥር አያነብም፣ ቀለም ነው የሚያየው። ግን አንድ ነገር ከፊት ገጽ እንዳይጎድል፦ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። የደመወዝ ድምርሽን ለገቢው አካፍይና አሳያቸው። ከ20 ከበለጠ ችግር ላይ ናችሁ፣ ቦርዱ ማወቅ አለበት።

የቀድሞ ኦዲተር

እህቴ፣ ከኤክሴሉ አትነሺ። መጀመሪያ ቃለ ጉባኤው ላይ የሚሰፍረውን ውሳኔ በሁለት በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፊው። ቦርዱ ምን እንዲያጸድቅ ነው የምትጠይቂው? ይህን ያህል ወጪ፣ ይህን ያህል ከመጠባበቂያ፣ ይህን አዲስ የሥራ መደብ፣ ይህን የደመወዝ ጭማሪ። እዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የገባ ቁጥር ሁሉ ከፊት ገጽ ይታያል። ያንን ቁጥር የሚያስረዳው ዝርዝር ወደ አባሪ ይሄዳል። ለውሳኔውም ለማስረጃውም የማይጠቅመው ቢሮሽ ይቅር።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከ22 ሚሊዮኑ ለጋሽ "ለዚህ ሥራ ብቻ" ብሎ የሰጣችሁ ስንት ነው? እናንተ እንደፈለጋችሁ የምታዙበትስ ስንት ነው?

ነዋሪ ከሜሪላንድ

እኛ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ አንድ ገጽ የሚባል ነገር አይሠራም። በዓመታዊ ጉባኤ ላይ የሻማ ወጪ ሳይቀር በስክሪን እናሳያለን። አንድ ዓመት አጠር አድርገን ብናቀርብ "ምን ደበቃችሁ" ተባለና ስብሰባው እስከ ማታ ቆየ። ስለዚህ ዳይሬክተርሽ ልክ ነው፣ ሁሉንም አሳዩ።

የቀድሞ ኦዲተር

ወንድሜ፣ የአንተ ጉዳይ የጠቅላላ ጉባኤ ነው። ገንዘቡን ያዋጡት ሰዎች ራሳቸው ናቸው የተቀመጡት፤ ሻማውን የመጠየቅ መብት አላቸው። እሷ የምትለው ሰባት ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ አቅጣጫ የሚሰጥበትን ቦርድ ነው። የመደበቅ ጥርጣሬው ግን እውነት ነው፤ እዚህም ይመጣል። መድኃኒቱ አባሪውን ከስብሰባው ሳምንት ቀደም አድርጎ ከገጿ ጋር አብሮ መላክ ነው። ዝርዝሩን ማየት የፈለገ አይቶ ይመጣል።

ሒሳብ ሹሟ (ጠያቂ)

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። ለፕሮጀክት ብቻ የተሰጠን 19 ሚሊዮን ነው። ከሱ 18.2 ሚሊዮን በዚህ ዓመት ይወጣል፤ ቀሪው 800 ሺህ በውላችን መሠረት ለቀጣዩ ዓመት ግንባታ ይተላለፋል። የራሳችን ገቢ፣ ማለትም የአባላት መዋጮና የአዳራሽ ኪራይ፣ 3 ሚሊዮን ነው። በሱ የምንሸፍነው ወጪ 3.6 ሚሊዮን ይሆናል። መጠባበቂያችን 1.5 ሚሊዮን ብር ነው።

የቀድሞ ኦዲተር

በይ እንግዲህ የአንድ ገጽሽ ዋና ነገር ይኸው ነው። ጠቅላላውን ብቻ ብታሳዪ ገቢ 22፣ ወጪ 21.8፣ ትርፍ 200 ሺህ ይላል። ቦርዱ ደስ ብሎት ይነሳል። እውነቱ ግን የለጋሹ 800 ሺህ የእናንተ አይደለም፤ የቤት ኪራይ ልትከፍሉበት አትችሉም። በራሳችሁ ገንዘብ በኩል 600 ሺህ ጎድሏችኋል፣ የሚሸፈነውም ከመጠባበቂያ ነው። 1.5 ሚሊዮኑ ወደ 900 ሺህ ይወርዳል። ከራሳችሁ ኪስ በወር 300 ሺህ ስለምታወጡ፣ አምስት ወር ያቆያችሁ የነበረው መጠባበቂያ ሦስት ወር ብቻ የሚያቆይ ይሆናል ማለት ነው። አምና "ትልቁ ነገር ሳይነሳ ጸደቀ" ያልሽው ይህንኑ ዓይነት ይመስለኛል።

ስለዚህ ሠንጠረዡን በሁለት ዓምድ ክፈይው፤ ለዓላማ የተሰጠ እና የራሳችን። በጎኑ ድምር። ከዚያ የአምናው የጸደቀ በጀትና እስከ ሰኔ 30 ይወጣል ብለሽ የምትገምቺው ይግቡ። የጸደቀውን ብቻ ማስቀመጥ አይበቃም። አምና 2 ሚሊዮን ተፈቅዶ 1.2 ብቻ ከወጣ፣ ዘንድሮ 2.1 ስትጠይቂ ጭማሪው ትንሽ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ከወጣው በ75 በመቶ ይበልጣል። የወጪ መስመሮቹን ከአሥር አታሳልፊያቸው። ነዳጅ፣ ጥገናና የመኪና መድን "ተሽከርካሪ" በሚል አንድ መስመር ይግቡ፤ አጠገቡ "አባሪ 1፣ ገጽ 2" ብለሽ ጻፊ።

ከሠንጠረዡ በታች ለትልልቆቹ ለውጦች ብቻ አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ምሳሌ ልስጥሽ፤ የደመወዝ ቁጥሩን አስቢልኝ።

ሒሳብ ሹሟ (ጠያቂ)

አምና 7.2 ሚሊዮን፣ ዘንድሮ 8.4 ሚሊዮን። ለሁሉም 10 በመቶ ጭማሪ አለ፤ አንድ የክትትል ባለሙያም እንቀጥራለን፤ የአሠሪ ጡረታውን ጨምሮ በወር 40 ሺህ።

የቀድሞ ኦዲተር

ጥሩ። "ደመወዝ በ1.2 ሚሊዮን ጨመረ፦ 720 ሺህ ከ10 በመቶ ጭማሪ፣ 480 ሺህ ከአንድ አዲስ መደብ።" አለቀ። "በገበያው ሁኔታ ምክንያት ማስተካከያ ተደርጓል" ዓይነት ነገር አትጻፊ፤ ቦርዱ እሱን ካነበበ በኋላም ያንኑ ጥያቄ ይጠይቅሻል። ሲከፈል ደግሞ ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች መሆናቸው ይታያል። ጭማሪውን ተቀብለው ቅጥሩን ለጥር ሊያቆዩት ይችላሉ።

ዳታ ወዳድ

እሺ፣ ግን 8.4 ሚሊዮን ለ22 ሲካፈል 38 በመቶ ነው! ከ20 በላይ ነው። ይህ ከፊት ካልወጣ ምን ይወጣል?

የቦርድ ገንዘብ ያዥ

እንደዚያ አይደለም። ሕጉ 20 በመቶ የሚለው አስተዳደራዊ ወጪን ነው። ደመወዝ ሁሉ አስተዳደራዊ አይደለም። ጉድጓድ ሲቆፈር የሚቆጣጠረው መሐንዲስ ደመወዝ የፕሮግራም ነው፤ የሒሳብና የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች ደመወዝ ግን አስተዳደራዊ ነው። በድሮው አዋጅ 621/2001 ጊዜ ገደቡ 30 በመቶ ስለነበር አንዳንድ ሰው አሁንም ሁለቱን ያምታታል። መስመሩ ከፊት ገጽ ይሁን ማለትህ ግን ትክክል ነው፣ እኔም እደግፋለሁ። እህቴ፣ ሠራተኞቹን ለይተሽ ደምሪና "አስተዳደራዊ ወጪ ይህን ያህል፣ ጣሪያው 4.4 ሚሊዮን" ብለሽ አስቀምጪ።

ሒሳብ ሹሟ (ጠያቂ)

ለይቼ ደመርኩት፤ ኪራዩም መብራቱም ገብቶ 3.9 ሚሊዮን ይመጣል። ወደ 17.7 በመቶ ነው።

አስተባባሪ ከሐዋሳ

ከፊት መቅረት የሌለበት አንድ ነገር ልጨምር፤ የምንዛሬ ግምቱ። ለጋሾችሽ በውጭ ገንዘብ የሚልኩ ከሆነ የብሩ ቁጥር ግምት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ሲለቅ፣ ዶላርን 57 ብር አካባቢ ይዘን ሰኔ ላይ ያጸደቅነው በጀት በጥቂት ሳምንታት ዋጋ አጣ። ዶላሩ ከ100 ብር በላይ ገባ። ገቢው በብር ስላደገ ያተረፍን መስሎን ነበር፤ የቧንቧና የፓምፕ ዋጋ ግን አብሮት ወጣ። ያኔ ግምቱ ተጽፎ የነበረው አባሪ 5 ላይ ነው፤ ማንም አላነበበውም።

ሒሳብ ሹሟ (ጠያቂ)

አንዱ ለጋሻችን በዩሮ ነው የሚልከው፤ በዚህ ዓመት ከሱ ገና የምንጠብቀው 60 ሺህ ዩሮ አለ።

አስተባባሪ ከሐዋሳ

እንግዲያው ቀላል ነው። ምንዛሬው ከግምትሽ በ5 ብር ቢወርድ 300 ሺህ ብር ይጎድልሻል። ይህችን አንድ መስመር ከፊት ገጽ አድርጊያት። የተጠቀምሽበትን ምንዛሬ፣ ቀኑንና የባንኩን ስም አባሪ ላይ ጻፊ።

የቀድሞ ኦዲተር

እስማማለሁ። ከገንዘብ ፍሰቱም እንዲሁ አንድ መስመር ውሰጂ። የወር በወሩ ሠንጠረዥ አባሪ ነው፤ ነገር ግን ከለጋሽ የሚመጣው ክፍያ ዘግይቶ ካዝናው በጣም የሚሳሳበትን ወርና የሚቀረውን ገንዘብ ከፊት ንገሪያቸው። በጀቱ ሚዛኑን ጠብቆ የመስከረም ደመወዝ የሚጠፋበት ድርጅት ብዙ አይቻለሁ። እና ከመላክሽ በፊት የእያንዳንዱ አባሪ ድምር ከፊት ገጹ ቁጥር ጋር አንድ መሆኑን በእጅሽ አመሳክሪ። ኤክሴሉ ዘግይቶ ተነክቶ አባሪው 8.4፣ ገጹ 8.3 ካለ፣ ቀሪው ስብሰባ በዚያ ልዩነት ላይ ነው የሚያልቀው።

ክብ ግራፉን በተመለከተ፣ እኔ አልወደውም። ድርሻ ያሳያል፣ ጉድለት ግን አያሳይም። ያንቺ ጉዳይ ደግሞ ጉድለቱ ነው።

ሒሳብ ሹሟ (ጠያቂ)

የደመወዝ ዝርዝሩስ? በስም ይሁን? ዳይሬክተሩ የሱ ደመወዝ ለብቻው እንዲታይ አይፈልግም።

የቀድሞ ኦዲተር

በመደብና በደረጃ ይሁን፣ ያለ ስም። ወረቀት ከቦርድ ክፍል ይወጣል።

የቦርድ ገንዘብ ያዥ

ለሌሎቹ ልክ ነው። የዳይሬክተሩን ደመወዝ የሚወስነው ግን ቦርዱ ራሱ ነው፤ ሳያየው እንዴት ይወስናል? እኔ ባለሁበት ቦርድ ለብቻው በአንድ ወረቀት ይቀርባል። ዳይሬክተሩ ወጥቶ እንነጋገርበታለን።

የቀድሞ ኦዲተር

ያ የሚሆነው መተዳደሪያ ደንባቸው ሥልጣኑን ለቦርዱ ከሰጠ ነው። ደንባችሁን እይው እህቴ፤ ካልተጻፈ ሰብሳቢውን በቅድሚያ ጠይቂ።

ሒሳብ ሹሟ (ጠያቂ)

እሺ፣ ነገ አየዋለሁ። አንድ የቀረኝ መኪና አለ፤ ያገለገለ ፒክአፕ ልንገዛ አስበናል፤ ለጋሹ ገና እሺ አላለም። በ21.8 ውስጥ አላስገባሁትም።

አስተባባሪ ከሐዋሳ

እኔ ብሆን ከፊት ገጹ ግርጌ "ከለጋሽ ፈቃድ ሲገኝ" ብዬ አስገባዋለሁ፤ ፕሮፎርማዎቹን አባሪ። ሌላ ስብሰባ መጠበቅ አይኖርባችሁም።

የቦርድ ገንዘብ ያዥ

እኔ ግን ገንዘቡ ያልታወቀ ነገር በዚያች ገጽ ላይ ባይገባ እመርጣለሁ። መኪና ከተጻፈ ሁለቱ ሰዓት በመኪናው ያልቃል፤ 600 ሺህው ጉድለት እንደገና ሳይነሳ ይቀራል።