አስቸኳይ፦ ለሥነ ምግብ ባለሙያ የላክሁት ደብዳቤ ተመለሰብኝ፣ ምን ጎደለው?

የሳቢያኗ
እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከአንዲት የሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር ቀጠሮ አለኝ። ከመጀመራችን በፊት ስለራስሽ ጻፊልኝ ብላኝ ጻፍኩ፤ አሁን «በዚህ ልጀምርልሽ አልችልም፣ አስተካክለሽ ማታውኑ ላኪልኝ» ብላ መለሰችው። ምኑ እንደጎደለ አልነገረችኝም። ደብዳቤው ይኸው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ክብደት መቀነስና ስኳሬን ማስተካከል እፈልጋለሁ። የለውዝና የወተት አለርጂ አለብኝ። ቢሮ ስለምሠራ ቁርስ ውጪ፣ ምሳና እራት ቤት እበላለሁ። ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። አትክልት አልወድም። አመሰግናለሁ።»

ከዚራ 04
አቦ፣ ደብዳቤ ምን ያደርጋል? ነገ ፊት ለፊት ትገናኙ የለም እንዴ? እሷ ትጠይቅሽ፣ አንቺ መልሺ። ባለሙያ ሥራው መጠየቅ ነው።

አቶ መ.
ወንድሜ፣ እንደሱ አይደለም። የቀጠሮው ጊዜ ስለ ምሳና ስለ እራት በመጠየቅ ካለቀ ለምክሩ የሚተርፍ የለም። እህቴ፣ አንቺ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሦስት ቀን ምግብሽን መዝግቢ፦ ሁለት የሥራ ቀን፣ አንድ የእረፍት ቀን። ከሦስቱ አንዱ የጾም ቀን ይሁን። የበላሽውን በበላሽበት ሰዓት ጻፊ፤ ማታ ተቀምጦ የሚጻፍ መዝገብ ሁልጊዜ ይጎድለዋል። ሻይ ላይ የተበላች ብስኩት፣ ወጥ ስትሠሪ የቀመስሽው፣ ልጅ የተወው ፍርፋሪ፣ ይህ ሁሉ ይረሳል። ሰው ዋናውን ምግብ ብቻ ይጽፍና ለምን አልቀነስኩም ይላል።

የሳቢያኗ
ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ግን ማታውኑ ነው የምልከው! ሦስት ቀን የለኝም።

ሎሚና ዝንጅብል
እኔ ጨጓራ ነበረብኝ፤ ጠዋት በባዶ ሆድ ለብ ባለ ውኃ ሎሚ እጠጣለሁ፣ በጣም ረድቶኛል። ክብደትም ይቀንሳል ይላሉ። ሞክሪው እህቴ።

ወ/ሮ ሰ. (ሆስፒታል የምግብ ክፍል)
ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሳየው እኔም እመልሰው ነበር። የከለከላት አንድ ዓረፍተ ነገር ይመስለኛል፦ «የለውዝና የወተት አለርጂ አለብኝ» የሚለው። ሁለቱን በአንድ ቃል አስረሻቸዋል፤ አንዱ ሕይወት የሚያሰጋ፣ ሌላው ሆድ የሚነፋ ብቻ ሊሆን ይችላል። ባለሙያዋ ይህን ሳትለይ አንዲት ፍሬ እንኳ ብዪ ብትልሽ ተጠያቂ ናት። እስቲ ንገሪኝ። ለውዝ ስትበዪ ምን ትሆኛለሽ? በስንት ደቂቃ? ወተትስ? እርጎና አይብ ትበያለሽ?

የሳቢያኗ
ለውዝ ከሆነ ወዲያው ከንፈሬ ያብጣል፣ አንገቴና ክንዴ ሽፍ ይልና ያሳክከኛል። አሥር ደቂቃ አይሞላም። ሁለት ጊዜ ሆኖብኛል፣ ሁለተኛው ላይ ጉሮሮዬን ያዝ አድርጎኛል። ወተት ግን አንድ ብርጭቆ ከጠጣሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሆዴ ይነፋል፣ ይጮሃል፣ አንዳንዴ ያስቀምጠኛል። እርጎና አይብ እበላለሁ፣ ምንም አልሆንም። ቅቤም እንደዚሁ።

ወ/ሮ ሰ. (ሆስፒታል የምግብ ክፍል)
በይ እንግዲህ፣ የወተቱ ነገር አለርጂ አይመስልም። የወተት ስኳር፣ ላክቶስ የሚባለው፣ አልፈጭ ሲልሽ የሚመጣ ምልክት ነው። እርጎ ሲረጋ ከላክቶሱ የተወሰነው ስለሚበላ ሆድሽ ይችለዋል፤ በቅቤ ውስጥም ከሞላ ጎደል የለም። አለርጂ ብለሽ ከጻፍሽው ግን እርጎ፣ አይብ፣ ቅቤ ሁሉ ይወጣብሻል። ያለ ምክንያት ካልሲየም የምታገኚበትን በር ትዘጊያለሽ።

የለውዙ ግን እውነተኛ አለርጂ ነው፤ ጉሮሮ መያዙ ደግሞ ቀላል ምልክት አይደለም። ይህን የሥነ ምግብ ባለሙያ አትመረምርም፤ ሐኪም ማየት አለበት። ሐኪም ዓይቶሽ ከሆነ ጻፊ፣ ካላየሽም «ሐኪም አላየኝም» ብለሽ ጻፊ።

የግመል ወተት
የላም ወተት ካልተስማማሽ የግመል ወተት ጠጪ! ላክቶስ የለውም፣ ለስኳርም ጥሩ ነው። በከተማው በየጠዋቱ ትኩስ ይገባል።

ወ/ሮ ሰ. (ሆስፒታል የምግብ ክፍል)
ላክቶስ አለው ልጄ፣ ከላም ወተት ብዙም አያንስም። ያልከው ግማሹ እውነት ነው፦ የላም ወተት ፕሮቲን አለርጂ ያለበት አንዳንድ ሰው የግመሉን ሊችለው ይችላል፣ ምክንያቱም በላም ወተት ያለ አንድ ፕሮቲን በግመል ወተት የለም። የእሷ ችግር ግን ስኳሩ ነው። ደግሞም ጥሬውን ሳይፈላ መጠጣት ብሩሴላ በሚባል ጀርም ለሚመጣ በሽታ ያጋልጣል።

ባቢሌ መንገድ
ለውዝና ሽሮ አንድ ዘር ናቸው፤ ሁለቱም ጥራጥሬ ነው። ለውዝ የማይስማማው ሰው ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ ሁሉ መተው አለበት። ይህንንም ጻፊላት።

የሳቢያኗ
ውይ! ታዲያ ረቡዕና ዓርብ ምን ልበላ?

ወ/ሮ ሰ. (ሆስፒታል የምግብ ክፍል)
እንዳትደናገጪ። ዘራቸው አንድ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ለውዝ የማይስማማቸው አብዛኞቹ ሽሮና ምስር ያለ ችግር ይበላሉ። አንቺም እስካሁን በልተሽ ምንም ካልሆንሽ ደብዳቤው ላይ «ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ እበላለሁ፣ ምንም አልሆንም» ብለሽ ጻፊ። ባለሙያዋ እንደ ክልክሉ ሁሉ የተፈቀደውንም ማወቅ አለባት፤ በጾም ቀን ፕሮቲን የምታገኚው ከእነዚሁ ነው። ከጥራጥሬ ወገን የማስጠነቅቅሽ ግብጦን ነው፤ ከለውዝ ጋር በጣም ይቀራረባል፣ ያለ ሐኪም ምክር አትሞክሪው።

ጀጎል
ሐረር ከአብሽ የሚሠራውን ሁልበት የምንበላ ሰዎች ደግሞ አብሽን አስታውሱ። አብሽም ጥራጥሬ ነው፣ በበርበሬም በንጥር ቅቤም ይገባል። እህት፣ ሁልበት በልተሽ ታውቂያለሽ?

የሳቢያኗ
አዎ፣ ሐረር ዘመድ ቤት። አንድ ጊዜ ከንፈሬን በላኝ፣ ቃሪያው ነው ብዬ ተውኩት።

ወ/ሮ ሰ. (ሆስፒታል የምግብ ክፍል)
ጀጎል፣ ጥሩ ነገር አነሳህ። አብሽና ለውዝ ውስጥ የሚመሳሰሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ ለሁለቱም የሚቆጡ ሰዎች አሉ። ቃሪያው ይሁን አብሹ ከዚህ ሆኜ ልነግርሽ አልችልም። አሁን ሁልበትና አብሽ የበዛበትን ነገር ተዪ፣ ደብዳቤው ላይም እንደነገርሽን ጻፊው፤ ሐኪሙ ይለየዋል። በበርበሬ ውስጥ ያለውን ጥቂቱን ለዓመታት ያለ ችግር በልተሽ ከሆነም ያንን ጨምሪ።

አሁን የለውዙን ክፍል እንዲህ አድርጊው፣ ቃሉን እንደወደድሽ ለውጪ፦

«ለውዝ፦ ስበላ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከንፈሬ ያብጣል፣ ሰውነቴ ሽፍ ይላል። ሁለት ጊዜ ሆኖብኛል፣ በሁለተኛው ጉሮሮዬን ያዘኝ። ሐኪም አላየኝም። ሁልበት በልቼ አንድ ጊዜ ከንፈሬን በልቶኛል፣ ምክንያቱን አላውቅም። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ አይጎዱኝም። ወተት፦ አንድ ብርጭቆ ከጠጣሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሆዴ ይነፋል፣ ያስቀምጠኛል። እርጎ፣ አይብና ቅቤ ይስማሙኛል።»

ከዚራ 04
እሺ፣ ለዚህስ ደብዳቤ ይሻላል። ግን ቁርስ ውጪ የምትለው ምንድን ነው? ፈጢራ ከሆነ ድሬዳዋ ላይ ማን ሊያስተዋት ነው!

የሳቢያኗ
ፈጢራ በእንቁላል ነው፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ሌላውን ቀን ፉል በዳቦ። አሥር ሰዓት ላይ ቢሮ ቆሎ እናወጣለን።

ጀጎል
ቆሎው ከለውዝ ጋር አንድ ላይ የሚሸጥ ነው? ለውዙን ለቅመሽ ብታወጪም ሻጯ በአንድ ስኒ ነው የምትሰፍረው፣ ቅርፊቱና ዱቄቱ ገብሱ ላይ ይቀራል። ለውዝ ሻይ የሚሠራበት ቤት ጁስ ስትጠጪም መፍጫው አንድ ከሆነ ያው ነው። ቆሎውን ቤት ቆልተሽ ውሰጂ።

አቶ መ.
ሦስት ቀን ከሌለሽ የትናንቱን ከእንቅልፍሽ እስክትተኚ ድረስ በሰዓት ጻፊ፤ እሱም ከምንም ይሻላል። መጠኑን ለመናገር ሚዛን አያስፈልግም። «አንድ እንጀራ ተኩል፣ ሁለት ጭልፋ ሽሮ፣ ሻይ በሦስት ማንኪያ ስኳር» ይበቃል። ዘይቱን ግን ሰው ሁሉ ስለማያውቀው ከጀሪካኑ ጀምሪ። ባለ ሦስት ሊትሩ ስንት ቀን ይቆያል፣ ስንት ሰው ይበላል?

የሳቢያኗ
አምስት ነን፣ ሃያ ቀን ገደማ።

አቶ መ.
ሦስት ሺህ ሚሊ ለሃያ ቀን ሲካፈል በቀን 150፣ ለአምስት ሰው ሲካፈል ለአንቺ 30 ሚሊ። ይህ ብቻ ወደ 250 ኪሎካሎሪ ነው፣ የፈጢራው ዘይት ሳይቆጠር። እኩል እንደማትካፈሉ አውቃለሁ፣ ግን ባለሙያዋ ከዚህ ተነስታ ትሠራለች።

ሙና
ስለ ክብደቱ ማንም አላነሳም እኮ። ቁመትሽ፣ ክብደትሽ፣ ዕድሜሽ? «ስኳሬን» ስትዪስ በሽታው አለ ተብለሻል? መድኃኒት ትወስጃለሽ? ደግሞ አትፈሪ፣ ትቅሚያለሽ?

የሳቢያኗ
41 ዓመት፣ 84 ኪሎ፣ 1 ሜትር ከ62። በባዶ ሆድ ሲለካ 118 ነው፣ መድኃኒት አልተሰጠኝም። ቅዳሜና እሁድ ከ8 ሰዓት ጀምሮ እቅማለሁ፣ እሱም ይጻፋል እንዴ?

ሙና
ይጻፋል! የምትቅሚ ቀን ምሳ ከበድ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ጣፋጭ ሻይና ለስላሳ ይከተላል፣ የምግብ ፍላጎት ጠፍቶ እራት እኩለ ሌሊት ይደርሳል። ይህን ሳታውቅ «እራት 1 ሰዓት ብዪ» ብትልሽ ቅዳሜ ላይ ይፈርሳል። 118 ደግሞ በባዶ ሆድ ከሆነ ከ100 እስከ 125 ባለው፣ በጤናማውና በስኳር በሽታ መካከል ነው፣ የስኳር በሽታ አልተባለም፤ ስለዚህ «ስኳሬን» ብለሽ አትጻፊ፣ ቁጥሩንና የተለካበትን ቀን ጻፊ። ግብሽንም «በስድስት ወር ከ4 እስከ 8 ኪሎ» በዪው፤ ከአሁኑ ክብደትሽ ከመቶ አምስት እስከ አሥር እጅ ነው።

ሎሚና ዝንጅብል
ሎሚውን ካልሆነ ዝንጅብል ብታደርጊበትም ይሠራል።

ወ/ሮ ሰ. (ሆስፒታል የምግብ ክፍል)
«አትክልት አልወድም» የሚለውንም ፍቺው። ጎመን ሽታው ነው ወይስ መሟሸሹ? ካሮት ጥሬውን ትበያለሽ? የማትነኪውን፣ ሲሠራበት የምትችዪውንና የሚያበስልልሽ የሌለውን ለይተሽ አስቀምጪ። የመጨረሻው ጥላቻ ሳይሆን የጊዜ ጉዳይ ነው፣ መፍትሔውም ሌላ ነው። ጾም የምትፈችበትንም ሰዓት አትርሺ።

የሳቢያኗ
ቲማቲም፣ ቃሪያና ሰላጣ እበላለሁ። የማልወደው የተቀቀለ ጎመንና ዱባ ነው። ጾም 9 ሰዓት እፈታለሁ። አሁን እየጻፍኩ ነው፣ ልላከው።

ባቢሌ መንገድ
የለውዝ ዘይትስ ይከለከላል? የተጣራው አይጎዳም ሲሉ ሰምቻለሁ።

ወ/ሮ ሰ. (ሆስፒታል የምግብ ክፍል)
በፋብሪካ በደንብ የተጣራው ፕሮቲኑ ስለሚወጣ አብዛኛው ሰው ይችለዋል። በትንሽ መጭመቂያ የሚጨመቀው ግን ፕሮቲኑ ይቀርበታል። ጉሮሮዋን ይዟት ስለሚያውቅ ሐኪም እስኪያያት ሁለቱንም ትተው። ጀሪካኑ ላይ የምን ዘይት እንደሆነ አንብቢ ልጄ፣ ያንንም ደብዳቤው ላይ አስገቢ።