«ብሬክ ኤ ሌግ» በዐረብኛ እርግማን እንዳይሆን

ማህሌት፦ የአንድ አጭር ፊልም ንግግር ወደ ዐረብኛ እየመለስኩ ነው፤ ከሥር የሚነበበውን ጽሑፍ። ተዋናይቷ መድረክ ልትወጣ ስትል ጓደኛዋ በእንግሊዝኛ «ብሬክ ኤ ሌግ» ትላታለች። ይቅናሽ ማለቷ ነው። «ኢክሲሪ ሳቀኪ» ቢባል ያስኬዳል?

ሰይድ፦ ኧረ በፍጹም! እኛስ «እግርሽ ይሰበር» ብንባል ደስ ይለናል? እንግሊዞቹ መልካም ከተመኘን ይከሽፋል ብለው ነው ክፉውን የሚጠሩት። ዐረብ ዓይን ከፈራ «ማሻላህ» ይላል እንጂ ክፉ አይመኝም። «ቢትተውፊቅ» በይ። አላህ ያሳካልሽ እንደማለት ነው፤ አጭር ነው፣ ለወንድም ለሴትም አይለወጥም። «ሙወፈቅ» ካልሽ ግን ለሴት «ሙወፈቃ» ይሆናል።

ገነት፦ እኔ ጅዳ እያለሁ እግሬን ተሰብሬ ሁሉም «ሰላምቲክ» ነበር የሚሉኝ። እሱን ጻፊው።

ሰይድ፦ ገኒዬ፣ እሱ እኮ «እግዜር ይማርሽ» ነው። ልጅቷ ገና ምንም አልሆነችም።

ዳዊት፦ «ሐዝ ሰዒድ» እያለ ምን ያደክማችኋል? ቁርጥ መልካም ዕድል ነው። ደግሞ አባባሉ የመጣው ከአይሁዶች ምርቃት ነው። «ስኬትና በረከት» ሲሉ ጀርመኖች «አንገትና እግር ይሰበር» ብለው ሰሙት። ስለዚህ በረካ የሚል ይግባበት።

ሰይድ፦ እሱ ከብዙ ግምቶች አንዱ ነው፤ ያረጋገጠው የለም። መድረክ ለምትወጣ ልጅም በረካ አይባልም። «ሐዝ ሰዒድ» ስህተት የለውም፤ ግን ከአፍ የወጣ ሳይሆን የተተረጎመ ይመስላል።

ማህሌት፦ ቆይ፣ ዋናውን አልነገርኳችሁም። ቀጣዩ ትዕይንት ላይ ልጅቷ በክራንች መጥታ «አንቺው ነሽ ያልሽኝ» ትላለች። «ቢትተውፊቅ» ካልኩ ቀልዱ ሞተ።

ሰይድ፦ አሃ! እንዲህ ከሆነ መስበሩን ማቆየት አለብሽ። ግብፆች አንድ ፊልም ተመልካች ሲያጥለቀልቀው «መከሰር ኢድዱንያ» ይላሉ፤ ዓለምን ሰባብሯል እንደማለት። ጓደኛዋ «ሀትከሰሪ ድዱንያ» ትበላት፤ ትሰባብሪዋለሽ! ልጅቷ በክራንች ስትመጣ ደግሞ «ሪግሊ ሂያ ኢሊ ኢትከሰረት» ትበል፤ የተሰበረውማ እግሬ ነው። ያኔ የገነት «ሰላምቲክ» ቦታውን ያገኛል።

ገነት፦ አላልኳችሁም?

ዳዊት፦ ሌላው ጽሑፍ በሙሉ ፉስሓ፣ ማለትም የመጽሐፉ ዐረብኛ፣ ሆኖ ሁለት መስመር ግብፅኛ ጣል ቢደረግ አይጎረብጥም?

ሰይድ፦ ይጎረብጣል። የካይሮን ፊልም ሲያይ ያደገ ሁሉ ግን ይገባዋል። የፊልሙ ሰዎች ማህሌትን ፉስሓ ብቻ ካሏት «ቢትተውፊቅ» ትጽፍና በክራንቹ ትዕይንት ልጅቷን «ይሄ ነው ያንቺ ተውፊቅ?» ታስብላታለች። ሳቁ ይቀንሳል፤ ነገሩ ግን ይያያዛል።

ማህሌት፦ ያሉኝ ፉስሓ ብቻ ነው። ለሁለቱ መስመር ይፈቅዱ እንደሆነ ነገ እጠይቃቸዋለሁ።

ዳዊት፦ እኔ አልፈቅድም ነበር።