የቅናሽ ማስታወቂያዬን ቃል አስተካክሉልኝ

ከሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የምገዛቸውን ነጠላዎች በቴሌግራም እሸጣለሁ። ባለፈው «ፍጠኑ፣ ሊያልቅ ነው!» ብዬ ጽፌ ቀኑ ሲያልፍ ቅናሹን በሦስት ቀን አራዘምሁት። አንዲት የቆየች ደንበኛዬ «ታዲያ ምኑ ነው የሚያልቀው?» ስትለኝ መልስ አልነበረኝም፤ እውነቷን ነበር።

አሁን ግን ቀነ ገደቡ የእውነት ነው። የጻፍሁት ይህን ነው፦

«14 ነጠላ ቀርቷል። ከ1,800 ብር ወደ 1,450 ብር፣ እስከ ቅዳሜ ምሽት 12 ሰዓት። እሑድ ለሸማኔው የአዲሱን ጥለት ቀብድ እከፍላለሁ። ከዚያ በኋላ የተረፈው በቀድሞ ዋጋው ይሸጣል።»

የቀብዱን ነገር መናገሬ እምነት ይጨምራል ወይስ ልመና ይመስላል? ደግሞስ በተሸጠ ቁጥር 14ቱን ወደ 13፣ ወደ 12 እያረምሁ ልሂድ ወይስ ማታ ማታ አንድ ጊዜ የቀረውን ልናገር? ነገ ጠዋት ከመለጠፌ በፊት እባካችሁ አስተያየታችሁን ስጡኝ።