ስድስቱ የእርከን መልእክቶች፦ የጋራ ሐሳባችን ረቂቅ

ሰብሳቢው፦ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የምናቀርበው ሐሳብ እስከ አርብ ማለቅ አለበት። ስለ እርከን፣ ስለ ኮምፖስት፣ ስለ ሣርና ስለ ችግኝ ለገበሬው በስልክ የሚላክ አርባ አጭር የጽሑፍ መልእክት አስበን ነበር። እኔ ግን ስድስት ብቻ ይሁኑ፣ ስድስቱም ስለ አፈር እርከን ይሁኑ እላለሁ። ምን ትላላችሁ?

ጸሐፊው፦ ስድስትም ይበዛል። አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ በሁለቱ እንጨርሰዋለን።

ስልክ ጠጋኙ (ደሴ)፦ 160ው ለላቲን ፊደል ነው። በእኛ ፊደል ሲጻፍ ክፍት ቦታውና አራት ነጥቡ ተቆጥሮ 70 ብቻ ነው። ካለፈ ይቆራረጣል፤ በአሮጌ ስልክ ላይ ጅራቱ ከራሱ ቀድሞ ሲደርስ አይቻለሁ። «ከዚያ በኋላ ቆፍሩ» የሚለው መጀመሪያ ቢደርስ አስቡት።

አርሶ አደሩ (ኩታበር)፦ የፊደሉን ነገር ተዉትና የእኔን ስሙ። አምና ወደ 40 ሜትር የሚሆን እርከን ሠራሁ። መስመሩን ያወጣልኝ ሰው በዓይኑ ነው ያወጣው። በሐምሌ ውሃው መሐል ላይ ተጠራቅሞ ጣሰው፣ ከሥሩ ያለውን የወንድሜን እርከንም ይዞት ወረደ። ባይሠራ ይሻል ነበር። ስለዚህ መልእክቱ «እርከን ወደ ጎን ያዘንብል፣ ውሃው ይውጣ» ይበል።

ጡረተኛው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ግማሹን አግኝተኸዋል። የተጣሰው ስላላዘነበለ ሳይሆን መሐሉ ዝቅ ስላለ ነው። ዝናብ በሚያጥርበትና አፈሩ ውሃ በሚያሰርግበት ቦታ እርከን ልክ እንደ ገበታ ጠፍጣፋ መሆን አለበት፣ ውሃው እዚያው እንዲሰርግ። ውሃ በሚተኛበት መረሬ አፈር ላይ ግን ያልከው ትክክል ነው፤ በየ10 ሜትሩ 5 ሳንቲም ያህል ዝቅ ይላል። ያም ቢሆን ጫፉ ላይ ሣር የለበሰ ፈሰስ ካልተቀበለው ጎረቤትህ ማሳ ላይ ቦረቦር ትከፍታለህ።

ችግሩ ቅየሳው ነው። ሦስት ሰው፣ እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ዘንጎች፣ 10 ሜትር ገመድና አንድ ውሃ ልክ ያስፈልጋል። ገመዱ በሁለቱም ዘንግ ላይ እኩል ከፍታ ላይ ይታሰራል፣ ውሃ ልኩ ትክክል መሐሉ ላይ ይሰቀላል። አረፋው መሐል እስኪገባ ሁለተኛው ሰው ዘንጉን ይዞ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሄዳል። ሲገባ ችካል ይተከላል። ገመዱ ከላላ ወይም ውሃ ልኩ ወደ አንድ ወገን ከተጠጋ ይዋሻል። ውሃ ልኩ ራሱ እንዳይዋሽ ደግሞ አዙረው ይስቀሉት፤ አረፋው ቦታውን ከለወጠ ይጣል።

ሰብሳቢው፦ ጋሼ፣ ይህ ሁሉ በ70 ፊደል አይገባም።

ጡረተኛው፦ አይገባም። መልእክት ቅየሳ አያስተምርም፤ ቅየሳ በእጅ ነው። መልእክቱ የሚችለው ሰውየው ያለ ውሃ ልክ እንዳይጀምር ማድረግና በኋላ ስህተቱን ራሱ እንዲያውቅ መርዳት ነው። ሁለት ጽፌያለሁ፦

«እርከን በዓይን አይቀየስም። ውሃ ልክ፣ 10 ሜትር ገመድና ሁለት እኩል ዘንጎች ያዘጋጁ።»

«ዝናብ እንዳባራ ቦዩን ይዩ። ውሃው ወደ አንድ ጫፍ ከሄደ ቅየሳው ተዛብቷል።»

ስልክ ጠጋኙ፦ ቆጠርኩ፤ 55 እና 47። ያልፋሉ።

አርሶ አደሩ፦ ሁለተኛውን አምና አግኝቼ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ዝናብ ዝቅ ያለውን ቦታ አይቼ ግድቡን አሳድገው ነበር። መረሬ ያለውስ? ውሃው ወደ ጫፍ ሲሄድ ተሳሳትኩ ብሎ ያፈርሰዋል እኮ።

ጡረተኛው፦ አዎ። ሁለተኛው ለመረሬ አይላክም። የቀበሌው ሠራተኛ የገበሬዎቹን ስልክ ቁጥሮች በአፈር ዓይነት ይለያቸው።

ወይዘሮዋ (ተሁለደሬ)፦ ስልኩ በባለቤቴ ኪስ ነው የሚውለው፤ ገበያ ሲወርድም ይዞት ይወርዳል። መልእክቱ ማታ ይምጣ፣ ልጄ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ታንብብልን። ደግሞ ለመሆኑ የማዳበሪያው ዋጋም አብሮ ይላካል?

ሰብሳቢው፦ የማዳበሪያው ሌላ ነው እትዬ። ማታ የሚለውን ግን ጽፌያለሁ።

ጸሐፊው፦ ጊዜውን ጥር እናድርገው? የተፋሰስ ሥራው ያኔ ነው።

ጡረተኛው፦ ለቆላና ለወይና ደጋው ጥር ይሁን። በልግ የሚዘሩት ደጋዎች ግን ከየካቲት ጀምሮ ማሳቸውን ይዘራሉ፤ ለእነሱ የቅየሳው መልእክት በታኅሣሥ ይድረስ።

አርሶ አደሩ፦ ግድቡ ላይ ሣር ትከሉ የሚለውን ካስገባችሁ ከብቱን ማን ሊያስር እንደሆነ ጨምሩ። የእኔን ደሾ ሣር ከአጨዳ በኋላ የሰፈር በሬ ከሥሩ ነቀለው።

ሰብሳቢው፦ ልቅ ግጦሽን በ70 ፊደል አንፈታውም። የሣሩን መልእክት ለጊዜው ባዶ ትቼዋለሁ፤ ከቀበሌው ጋር ካልተስማማን አምስት ይሆናሉ። እስከ ሐሙስ አንድ ሰው የጋሼን ሁለት መልእክቶች ውሃ ልክ አይቶ ለማያውቅ ገበሬ ያንብብለትና የገባውን በራሱ ቃል ይጻፍልን። ማን ይሄዳል?

ወይዘሮዋ፦ ባለቤቴ አይቶ አያውቅም። ልጄ ዛሬ ማታ ታነብለታለች።