«በኋላ አስፈርማለሁ፣ አሁን አውጣልኝ» ለምትል ባልደረባ እምቢታው ይለስልስ ወይስ እንዳለ ይሂድ?

ጥያቄው፦ «ሐዋሳ ነኝ፣ መጋዘን ላይ ነው የምሠራው። የሥልጠና ክፍል ባልደረባችን በመሥሪያ ቤቱ ቴሌግራም ግሩፕ ‹ለነገ ጠዋት 2 ካርቶን ወረቀትና 1 ቶነር አውጣልኝ፣ መጠየቂያውን በኋላ አስፈርማለሁ› አለችኝ። ‹ሳይፈረም እስክሪብቶም አይወጣም፣ መመሪያውን አንብቢ› ብዬ ጽፌያለሁ፣ ገና አልላክሁትም። ትክክል ሆኜ ሳለ ማለስለስ አለብኝ?»

ቁጥር አይዋሽም፦ ላከው። ሰኔ 30 ቆጠራ ሲመጣ ቢን ካርዱ 20 ካርቶን ብሎ መደርደሪያው ላይ 18 ቢገኝ ጉድለቱን የምትጠየቀው አንተ ነህ። ያኔ እሷ «መቼ ወሰድኩ?» ብትል ምን ታሳያለህ?

የአሞራ ገደል ልጅ፦ አንድ ግቢ እየዋላችሁ እንዲህማ አይባልም። «እሺ እህቴ፣ እናያለን፣ ጠዋት ደውዪልኝ» በላት። ራሷ ይገባታል።

ታቦር ሥር፦ እዚህ ላይ አልስማማም። «እሺ እናያለን» ስትላት እሷ የምትሰማው እሺውን ብቻ ነው። ሌላ ቦታ መፈለጓን ትተዋለች፣ ጠዋት ሠልጣኞቹን አስቀምጣ መጋዘን ደጃፍ ትመጣለች፣ ያኔ «አይሆንም» ስትላት ቂሙ ይብሳል። ዛሬ ብትነግራት ገና ግማሽ ቀን ነበራት።

በጻፍከው ላይ ችግሩ እምቢታው አይደለም። አንደኛው «መመሪያውን አንብቢ» ነው፤ ወረቀት የጠየቀችን ሰው አላዋቂ አደረግካት። ሁለተኛው ቦታው ነው፤ ኃላፊዋም የበታቾቿም ባሉበት ግሩፕ ነው የምትመልስላት። እዚያ «አይቼዋለሁ፣ በውስጥ ጽፌልሻለሁ» ብቻ በል። ከዚያ ለራሷ፦

«ሰላም፣ እንዴት ዋልሽ? የነገው ሥልጠና እንዳይስተጓጎልብሽ ነው። ወረቀቱም ቶነሩም አለ፤ መጠየቂያው ሳይፈረም ግን ማውጣት አልችልም። እስከ 10፡30 አስፈርመሽ ብትልኪልኝ ሞዴል 22 ዛሬውኑ እቆርጥልሻለሁ፣ ዕቃውን ለብቻው አስቀምጠዋለሁ፣ ጠዋት 2፡30 ቢሮ እንደተከፈተ ፈርመሽ ትረከቢያለሽ።»

እምቢታው መሀል ላይ ነው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ «ምናልባት» የለበትም። ይቅርታም አላስገባሁም፣ ያጠፋኸው ነገር የለምና። «ዕቃው አለ» ማለቱን ደግሞ አትዝለለው፤ ካልነገርካት ወረቀቱን የደበቅክባት ይመስላታል።

የአሞራ ገደል ልጅ፦ ጽሑፉ ያምራል። ግን ኃላፊዋ መስክ ወጥተው ከሆነስ? 10፡30 ያልከው ማሾፍ አይሆንም?

ታቦር ሥር፦ ልክ ነህ። ከመጻፍህ በፊት መፈረም የሚችል ሰው ቢሮ መኖሩን ጠይቅ። ውክልና የተሰጠው ካለ «እሳቸው ጋ ውሰጂው» በላት። ማንም ከሌለ ሰዓቱን አውጣውና «ዛሬ የሚፈርም ሰው ስለሌለ ለጠዋት አይደርስም፣ ለመጀመሪያው ቀን ከሌላ ክፍል ብትበደሪ ይሻላል» ብለህ እቅጩን ንገራት። የማይሠራ አማራጭ መስጠት ከደረቅ እምቢታ ይከፋል።

ከአላሙራ፦ እኔን ደግሞ አለቃዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ይጠሩኛል። እሳቸውንም «ሳይፈረም አልችልም» ልበላቸው? 😄

ታቦር ሥር፦ ያንቺ ሌላ ነው፣ የአለቃ ጥያቄ ትእዛዝም አለበት። «ቅዳሜ ይህን ከሠራሁ የሰኞው ሪፖርት ለማክሰኞ ይሄዳል፤ የትኛውን ላስቀድም?» በያቸው። ምርጫው የእሳቸው ይሁን።

ጠያቂው፦ እሺ በውስጥ ላኩላት እንበል። «ለኔ ስትል፣ ዛሬን ብቻ» ብላ ብትደውልስ? ቁልፉ ሌላ ሰው ጋ ነው ብላት አይቀልም?

ታቦር ሥር፦ አይቀልም። ቁልፉ የለም ካልክ «ቁልፉን እኔ አስመጣልሃለሁ» ትላለች፤ አምጥታው ብትቆምስ? ምክንያት በጨመርክ ቁጥር የምትፈታው ነገር ትሰጣታለህ፣ አንዱ ውሸት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ እውነተኛውም አይታመንም። ያንኑ ምክንያት ከፊተኛው አሳጥረህ ድገመው፦ «ገብቶኛል እህቴ፣ ፊርማው ሲመጣ በአምስት ደቂቃ አወጣልሻለሁ።» ድምፅህን አታንሣ፣ መመሪያም አትጥቀስ።

ቁጥር አይዋሽም፦ በውስጥ መስመር የተባለ ነገር ግን ሌላው አያየውም። ነገ የሒሳብ ክፍሉ እንዲሁ ይጠይቃል፣ ከነገ ወዲያ ሌላው። ግሩፑ ላይ አንዴ ቢነገር ሁሉም ይማራል።

ታቦር ሥር፦ ይነገር፣ ግን በእሷ ስም አይሁን። ሥልጠናው ካለፈ ከጥቂት ቀን በኋላ «ለሁሉም ክፍሎች፦ ዕቃ ለጠዋት የምትፈልጉ የተፈረመ መጠየቂያ በዋዜማው እስከ 10፡30 አድርሱን» ብሎ መለጠፍ ይቻላል። በዚያው ቀን ከለጠፈው ግን ለማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ቁጥር አይዋሽም፦ እስከዚያ ሦስት ሰው ቢጠይቀውስ? በሰኔ እኮ ሁሉም ነው የሚሯሯጠው። እኔ ብሆን ማስታወቂያውን ዛሬውኑ ነው የምለጥፈው፣ ብትኮርፍም ትኮርፍ።

የአሞራ ገደል ልጅ፦ ከለጠፍክ በኋላ ሄደህ ቡና ጋብዛታ።